ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ሲዞር

የውሃ ቆጣሪ ከመንገዱ ዋና መስመር ወጥቶ ወደ ግቢ የሚገባውን ውሃ የሚለካ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከአጥር በር አጠገብ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ወይም በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገላው ላይ የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ተቀርጿል። በውስጡ ውሃው ሲያልፍ የሚገፋው ተሽከርካሪ አለ። የዚህ ተሽከርካሪ ዙር በጥርሳማ ጎማዎች እየተቀነሰ ወደ ላይኛው ገጽ ይደርስና ቁጥሮችንና መርፌዎችን ያንቀሳቅሳል። ቆጣሪው ውሃው ለምን እንደዋለ አያውቅም። ለማብሰያ የተቀዳውም፣ ከመሬት በታች በተበላ ቱቦ የሰረገውም ለእሱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ተሽከርካሪውን ገፍተው አልፈዋል፣ ሁለቱም ይከፈልባቸዋል። ስውር ሽንቁርን በቆጣሪ የማግኘት ዘዴ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የሚጠቀም ሰው በሌለበት ሰዓት ተሽከርካሪው ከዞረ፣ ከቆጣሪው በኋላ ውሃ የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ቧንቧን ሁሉ ዘግቶ መመልከት ብቻ። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ይህን አድርጎ፣ መርፌው ቆሞ አይቶ፣ «ምንም የለም» ብሎ ሲያበቃ በሚቀጥለው ወር የተጋነነ ሂሳብ ይመጣበታል። ቆጣሪው ስላልዋሸ ስህተቱ ያለው ከጥያቄው ነው። ቆጣሪው መልስ የሚሰጠው በዚያ ሰዓት ግፊት ስላለበት የቱቦ ክፍል ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ማጠራቀሚያ ባለበት ቤት ደግሞ የቱቦው ሥርዓት ሁለት ክፍል ስለሆነ ፍተሻውም ሁለት መሆን አለበት። ከዚህ በፊት ግን ገጹን በትክክል ማንበብ ይቀድማል።

በተለመደው የቤት ቆጣሪ ገጽ ላይ በመስኮት ውስጥ የተደረደሩ ጥቁር አሃዞች ይታያሉ። እነዚህ ሜትር ኩብ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ሲሞላ ማለት ነው። ወርሃዊ ሂሳብ የሚሠራው በእነዚህ ጥቁር አሃዞች ስለሆነ፣ ቆጣሪ አንባቢው መዝግቦ የሚሄደው እነሱን ብቻ ነው። ለሽንቁር ፍለጋ ግን ጥቁሮቹ በጣም ዘገምተኛ ናቸው። የመጨረሻው ጥቁር አሃዝ አንድ እርምጃ እንዲራመድ 1000 ሊትር ማለፍ አለበት፤ ትንሽ ሽንቁር ይህን ለማፍሰስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዓይን ወደ ቀዮቹ መሄድ አለበት።

በብዙ ቆጣሪዎች ላይ አራት ትናንሽ ክቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 9 ተከፍለው ቀይ መርፌ ይዞርባቸዋል። አጠገባቸው ×0.1፣ ×0.01፣ ×0.001 እና ×0.0001 ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የሚናገረው መርፌው አንድ ክፋይ ሲራመድ ስንት ሜትር ኩብ እንዳለፈ ነው። በመሆኑም የ×0.1 መርፌ አንድ ክፋይ 100 ሊትር፣ የ×0.01 አሥር ሊትር፣ የ×0.001 አንድ ሊትር፣ የ×0.0001 ደግሞ የሊትር አንድ አሥረኛ ነው። ሙሉ ዙር ምንጊዜም የአንዱ ክፋይ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ፈጣኑ መርፌ ×0.0001 አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ አንድ ሊትር አልፏል። በአእምሮ መያዝ ያለበት አንድ ቁጥር ቢኖር ይህ ነው። አንዳንድ ቆጣሪ በአራቱ መርፌ ፈንታ ሦስት ቀይ አሃዝና አንድ መርፌ ይኖረዋል፤ እዚያ ሦስቱ ቀይ አሃዞች በቀጥታ ሊትር ናቸው፣ የመርፌው ዋጋ ደግሞ እንደ ሌላው ከአጠገቡ ከተጻፈው ይታወቃል።

መርፌ በሁለት ቁጥር መካከል ሲቆም ትንሹ ይወሰዳል። የሚያሳስተው ልክ ቁጥሩ ላይ የቆመ ሲመስል ነው። ለምሳሌ የ×0.1 መርፌ 4 ላይ ያለ ቢመስል፣ ዳኝነቱ የሚሰጠው ለቀጣዩ፣ ለ×0.01 መርፌ ነው። እሱ 9 ላይ ከሆነ ዙሩን ገና አልጨረሰም፤ ትልቁ መርፌም 4ን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል፣ ንባቡ 3 ነው። ቀጣዩ መርፌ 0ን አልፎ 1 አካባቢ ከሆነ ግን ንባቡ በእርግጥ 4 ነው። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው በአንድ ንባብ 100 ሊትር ሊስት ይችላል፤ በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት በሚፈተሽበት ሥራ ደግሞ 100 ሊትር ሽንቁር የሌለበትን ግቢ ሽንቁር ያለበት ለማስመሰል ይበቃል።

ከመርፌዎቹ ሌላ በገጹ መካከል አካባቢ ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን ይታያል። እሷ ቁጥር የላትም። ከተሽከርካሪው ጋር ያላት ቅርበት ከሁሉም የበለጠ ስለሆነ፣ መርፌዎቹ የቆሙ በሚመስሉበት ቀጭን ፍሰት እንኳ ስትንቀሳቀስ ትታያለች። ኮከቧ «ውሃ እያለፈ ነው ወይስ አይደለም» ለሚለው ፈጣን መልስ ትሰጣለች፤ «ስንት» ለሚለው ግን መርፌና ሰዓት ያስፈልጋሉ።

ፍተሻው የሚጀምረው ውሃ በመስመሩ ላይ ባለበት ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቁ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ፈረቃው ባልሆነ ቀን በመስመሩ ግፊት ስለማይኖር የቱንም ያህል ቱቦው የተበላ ቢሆን መርፌው አይንቀሳቀስም። ውሃ መኖሩን ለማረጋገጥ በቀጥታ ከመስመሩ የሚቀዳውን የግቢ ቧንቧ ከፍቶ ማየት ይበቃል። በዚያው ቅጽበት ቆጣሪው ራሱ ጤነኛ መሆኑም ይፈተናል፤ ቧንቧው በቀጭኑ ሲከፈት ኮከቧ መዞር አለባት። ካልዞረች ቆጣሪው ተጣብቋል ወይም ቆሽሿል፣ ከእሱ የሚገኝ መልስም አይታመንም። ውሃ ጠፍቶ ገና በተመለሰበት ሰዓት ደግሞ መቸኮል አይገባም። ባዶ ቱቦ ውስጥ የገባው አየር በውሃው ተገፍቶ ሲያልፍ ተሽከርካሪውን ያዞረዋል፤ የተከፈቱት ቧንቧዎች ማፏጨትና መትፋት አቁመው ውሃው በጸጥታ እስኪወርድ መጠበቅ ያሻል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ይዘጋል። «ሁሉም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። የወጥ ቤት፣ የመታጠቢያ፣ የግቢው ቧንቧ እንዳለ ሆኖ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መቆም አለበት፤ በሰርቪስ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ማወቅ አለባቸው፤ አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ በሚያገለግልበት ግቢ ደግሞ የተከራዩ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በመሐል እጁን ከታጠበ ፍተሻው እንደገና ይጀመራል። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ጣሪያ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው ነው። ሮቶው ካልሞላ ተንሳፋፊ ኳሱ ወርዶ መግቢያው ክፍት ነውና ውሃ እየተቀበለ ነው። ቆጣሪው ሲዞር የታየው ሽንቁር ሳይሆን ማጠራቀሚያው እየሞላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ሮቶው የሚወጣው ቱቦ በራሱ ቫልቭ ይዘጋል። ያ ቫልቭ ከሌለ ሮቶው እስኪሞላና ተንሳፋፊው ራሱ እስኪዘጋ ይጠበቃል፤ ሆኖም ያኔ ተንሳፋፊው በትክክል መዝጋቱ አጠራጣሪ ሆኖ ይቀራል።

ሁሉም ከተዘጋ በኋላ ኮከቧን ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ መመልከት ነው። እዚህ ላይ የአዟዟሯ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ሳታቋርጥ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት የምትዞር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የተበላ ቱቦ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ነው፤ ቀዳዳው አያርፍምና። ለጥቂት ጊዜ ዞራ ቆማ፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ከተነሳች ደግሞ መጠርጠር ያለበት የሽንት ቤት ሲፎን ነው። ከሲፎኑ ሥር ያለው ጎማ ስለማይገጥም ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ልኩ በተወሰነ መጠን ሲጎድል መግቢያው ተከፍቶ ይሞላል፤ ይዘጋል፤ እንደገና ይጎድላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የምትወዛወዝና ከቦታዋ የማትርቅ ኮከብ ግን ሽንቁርን አታመለክትም። በመንገዱ መስመር ያለው ግፊት ከፍና ዝቅ ሲል በቤቱ ቱቦ የታሰረው አየር ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ጥቂት ውሃም ከዚያ ጋር ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚነበበው መርፌ ነው፤ ባለበት ካለ ውሃ አልጠፋም።

ኮከቧ ፍጹም ከቆመችስ? ይህ ጥሩ ዜና ቢሆንም ሙሉ ነጻነት ማለት አይደለም። ማንኛውም ቆጣሪ ከተወሰነ ፍሰት በታች ተሽከርካሪውን ለማንቀሳቀስ አቅም ያጣል፤ ትንሽ ከፍ ባለ ፍሰት ደግሞ ይዞራል እንጂ በልኩ አይቆጥርም። በገጹ ላይ ከላቲኑ «አር» ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህን ለማስላት ይረዳል። ቋሚ የፍሰት አቅሙ በሰዓት 2500 ሊትር የሆነ የቤት ቆጣሪ ከፊደሉ ቀጥሎ 80 ከተጻፈበት፣ 2500 ለ80 ሲካፈል 31 ሊትር ገደማ ይመጣል፤ ቆጣሪው ለትክክለኛነቱ ዋስትና የሚሰጠው በሰዓት ከዚህ ጀምሮ ነው። 160 የተጻፈበት ግን ከ16 ሊትር ገደማ ጀምሮ ይታመናል። በእነዚህ ዝቅተኛ ፍሰቶች የሚፈቀደው ስህተት ለአዲስ ቆጣሪ እስከ 5 በመቶ ነው፤ ያረጀ ቆጣሪ ከዚህም አልፎ ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈስሳል፤ በሰዓት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለውን ቆጣሪው ጨርሶ ላያየው ስለሚችል ከቧንቧው ሥር ስኒ አስቀምጦ መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን በአንድ ግቢ ምሳሌ መከተል ይቀላል። ግቢው ዋና ቤት፣ በስተጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ በዋናው ቤት ጣሪያ ላይ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አለው እንበል። ውሃ በሳምንት አራት ቀን ይመጣል። ወርሃዊ ፍጆታው 14 ሜትር ኩብ አካባቢ የነበረው፣ የሰውም የአኗኗርም ለውጥ ሳይኖር ወደ 24 ወጣ። ግቢው በሲሚንቶ የተለበጠ ነው፤ የረጠበ ቦታ የለም፣ ግድግዳው ደረቅ ነው።

ፈረቃው በሆነበት ምሽት በ4 ሰዓት፣ ሁሉም ተዘግቶ፣ የሮቶው መግቢያም ተቆልፎ፣ ቆጣሪው ተነበበ። ጥቁሮቹ 842፣ ቀዮቹ መርፌዎች በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 1 እና 7 አሉ፤ ንባቡ 842.3617 ሜትር ኩብ ነው። ኮከቧ በእኩል ፍጥነት ትዞራለች። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማንም ቧንቧ ከመክፈቱ በፊት፣ ንባቡ 842.5537 ሆነ። ልዩነቱ 0.1920 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 192 ሊትር ነው። በ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 24 ሊትር ይሆናል። ቆጣሪው ከፊደሉ ቀጥሎ 160 የተጻፈበት ስለሆነ 24 ሊትር ከሚታመንበት ወሰን በላይ ነው፤ ቁጥሩን መቀበል ይቻላል።

ረፋድ ላይ መለኪያው በሰዓት መያዣ ተደገመ። ፈጣኑ መርፌ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደበት። አንድ ሊትር በ160 ሰከንድ ማለት በሰዓት 22.5 ሊትር ነው። ከሌሊቱ በጥቂቱ ማነሱ ስህተት አይደለም። ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛ የሚቀዳ ስለሚቀንስ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ ግፊት ሲጨምር ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ይበዛል። በብረት ቱቦ ላይ ያለ ቅርጹን የማይለውጥ ቀዳዳ፣ ግፊቱ በእጥፍ ቢጨምር ፍሰቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን በግፊቱ ራሱ ስለሚከፈት ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። የአንድ ጊዜ መለኪያ የዚያን ሰዓት እንጂ የወሩን ልክ አይናገርም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሩ ከሂሳቡ ጋር ይመዛዘን። በሰዓት 24 ሊትር በቀን 576 ሊትር ነው፤ ሳያቋርጥ ለ30 ቀን ቢፈስስ 17.3 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ውሃው ግን በሳምንት ከሰባት ቀን አራቱን ብቻ ስለሚመጣ፣ የሚፈስሰውም በዚያው ልክ ነው፤ 17.3 በ4 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል 9.9 ሜትር ኩብ ይመጣል። የሂሳቡ ጭማሪ 10 ነበር። ይህ መመዛዘን ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግን ከሁሉም የበለጠ ፋይዳ ያለው እርምጃ ነው። የተለካው ሽንቁር ጭማሪውን በሙሉ ስላስረዳ ሌላ የሚፈለግ ትልቅ ሽንቁር የለም። የተለካው ሦስት ሜትር ኩብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀሪው ሰባት ሌላ ቦታ እየጠፋ፣ ወይም ቆጣሪው በስህተት ተነብቦ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋው መቀጠል ነበረበት።

ቀጥሎ ሽንቁሩ ያለበት ክፍል እየጠበበ ይሄዳል። መጀመሪያ ከቆጣሪው በኋላ ወዲያው ያለው ቫልቭ ተዘጋ፤ ኮከቧ ቆመች። ስለዚህ የሚጠፋው ውሃ ከዚያ ቫልቭ ወዲያ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ወደ ዋናው ቤት የሚገባው መስመር በግድግዳው ሥር ባለው ቫልቭ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ቫልቩ በእርግጥ መዝጋቱን ሳያረጋግጡ ወደ ድምዳሜ መሄድ አደገኛ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ወንበሩ ላይ ዝገትና ደለል ስለሚይዝ፣ መዘውሩ እስከ መጨረሻው ቢዞርም በሥሩ ውሃ ያሳልፋል፤ ያኔ ፍተሻው በሐሰት ወደ ሌላ ወገን ይመራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከሮቶው ሳይሆን በቀጥታ ከመስመሩ የሚቀዳ የቤት ውስጥ ቧንቧ ይከፈታል። በቱቦው የቀረው ውሃ ወርዶ ካበቃ በኋላ ጠብታ እንኳ ካልመጣ ቫልቩ ይዘጋል። በዚህ ግቢ ዘግቷል፤ ቆጣሪው ግን መዞሩን ቀጠለ። ዋናው ቤት ነጻ ሆነ። ወደ ሰርቪስ የሚሄደው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ኮከቧ ቀጥ አለች። የቀረው በሲሚንቶ ሥር የተቀበረ 15 ሜትር ያህል የብረት ቱቦና በመጨረሻው የቆመው የግቢ ቧንቧ ብቻ ነው።

ቆጣሪው የሚወስደው እስከዚህ ድረስ ነው። የትኛው ሜትር ላይ እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ሲሚንቶውን በሙሉ ከመስበር በፊት ጆሮና ልምድ ይጠየቃሉ። የብረት ቱቦ የሚያፏጨውን የውሃ ድምፅ አርቆ ይሸከማል፤ ፕላስቲክ ግን ያፍነዋል። ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል የብረት ዘንግ ወይም ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን በቱቦው በሚታይ ቦታ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ከጆሮ ሥር አጥንት አስጠግቶ ማዳመጥ ይቻላል። በዚህ ግቢ ድምፁ በቅርንጫፉ መነሻ ደካማ፣ በግቢው ቧንቧ ሥር ብርቱ ነበር። ልምዱም ወደዚያው ይጠቁማል፤ የብረት ቱቦ ቀድሞ የሚበላው ጥርስ በወጣለት ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ጥርሱ ሲቆረጥ የቱቦው ውፍረትም የዚንክ ልባሱም ይቀንሳል። ቱቦ ከመሬት ወደ ላይ የሚታጠፍበት ክርን ደግሞ እርጥበትም አየርም ስለሚያገኝ ይብሳል። ሲሚንቶው በክርኑ ዙሪያ ሁለት ክንድ ያህል ተሰብሮ ሲቆፈር ጥርሱ ላይ የተበላ ቀዳዳ ተገኘ። ውሃው ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ከሥር ወዳለው የጎርፍ ቱቦ መንገድ አበጅቶ ነበር፤ ግቢው ደርቆ የታየው ስለዚህ ነው።

ሽንቁሩ በዋናው ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ሽንት ቤት በሆነ ነበር። እሱን ለማወቅ የሲፎኑ ክዳን ተነስቶ አንድ ስኒ የጠቆረ ቡና ወይም በእርድ የቀለመ ውሃ ይጨመርበታል። ለግማሽ ሰዓት ማንም ሳይለቀው ይቆያል። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አይዘጋም። ሲፎኑ በመትረፊያ ቱቦው አፍ በኩል የሚፈስስ ከሆነ ደግሞ ቀለም ሳይጨመርም ይታያል፤ የውሃው ልክ ከቱቦው አፍ እኩል ቆሞ ይገኛል፣ ጥፋቱም ከሥሩ ጎማ ሳይሆን ከመግቢያው ነው።

እስካሁን የተፈተሸው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው መግቢያ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ከሮቶው ወደ ታች፣ ወደ መታጠቢያና ወደ ቦይለር የሚወርደው ቱቦ መግቢያው በተዘጋበት ሌሊት ሁሉ ከቆጣሪው ተለያይቶ ነበር። እዚያ ያለ ሽንቁር ሮቶውን ያጎድላል እንጂ መርፌውን አያነቃንቅም። ሮቶው በሚቀጥለው ፈረቃ ሲሞላ የጠፋው ውሃ ከተጠቀሙበት ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል። በተጨማሪም ይህ ወገን ፈረቃ አያውቅም፤ ሮቶው ውሃ እስካለው ድረስ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይፈስሳል። በሰዓት 10 ሊትር ብቻ የሚያጠፋ ሽንቁር እዚህ በወር 7.2 ሜትር ኩብ ይወስዳል።

ለዚህ ወገን ቆጣሪው ራሱ ሮቶው ነው። መግቢያው ይዘጋል፣ ክዳኑ ተነስቶ የውሃው ልክ በውስጥ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ወይም በተሰነጠቀ ሸንበቆ ከላይ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ይለካል። የባለ 1000 ሊትር ሮቶ ስፋት 110 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ የውሃው ልክ አንድ ሳንቲሜትር ሲወርድ የጠፋው 9.5 ሊትር ነው። በ8 ሰዓት ሌሊት ሁለት ሳንቲሜትር ከወረደ 19 ሊትር፣ በሰዓት 2.4 ሊትር ሄዷል ማለት ነው፤ ቆጣሪ ምናልባት የማይቆጥረው እንዲህ ያለ ቀጭን ፍሰት በሮቶው ግድግዳ ላይ በግልጽ ይነበባል። ሮቶው ራሱ ደግሞ ከላይ ሊፈስስ ይችላል። ተንሳፋፊው ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃው በመትረፊያው በኩል ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ ሌሊት ሰው አያየውም፣ ጠዋት ፀሐይ ያደርቀዋል። የዚህ ምልክቱ ሮቶው ሞልቶ ሳለ ቆጣሪው መዞሩ፣ የሮቶው መግቢያ ሲዘጋ ደግሞ መቆሙ ነው።

ተቃራኒውም ይከሰታል። የቆጣሪው ጉድጓድ ውሃ ተኝቶበት፣ ሁሉም ተዘግቶ፣ ኮከቧ ግን ፈጽማ አትንቀሳቀስም። የዝናብ ውሃ ካልሆነ የሚያፈስሰው ከቆጣሪው በፊት ያለው መገጣጠሚያ ነው። ያ ውሃ በተሽከርካሪው ስላላለፈ በደንበኛው ሂሳብ አይገባም፤ ጥገናውም የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ስለሆነ ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቅ ይገባል። በዚያ ወገን መፍቻ ማንሳት ለባለቤቱ አይፈቀድም፤ የቆጣሪው ማኅተምም መነካት የለበትም።

በምሳሌው ግቢ የተበላው ክርንና ከእሱ ጋር የተያያዘው ቱቦ ተቀየረ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ከመመለሱ በፊት ግን ፍተሻው እንደገና ተደርጓል፤ ሁሉም ተዘግቶ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ፈጣኑ መርፌ ከቦታው አልተነሳም። ከሳምንት በኋላም ተደግሟል። ያረጀ የብረት ቱቦ አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን በቅርንጫፉ ያለው ግፊት መልሶ ከፍ ይላል፤ በዝገት ብቻ ተደፍኖ የነበረ ሌላ ጥርስም በዚያ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። በሁለተኛውም ሌሊት ንባቡ አልተለወጠም፤ ሲሚንቶው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።